አዲስ የፖድካስት ክፍል ሲወጣ፦ የማስታወቂያው፣ የቅንጫቢውና የጥሪው ዳሰሳ

አዲስ የፖድካስት ክፍል መውጣቱን የሚነግር ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው ዜናው ነው፤ ማን እንደተጋበዘ፣ ስለ ምን እንደተወራና ክፍሉ መቼ እንደወጣ ይናገራል። ሁለተኛው ከእንግዳው አንደበት የተወሰደ ቅንጫቢ ነው። ሦስተኛው የማድመጥ ጥሪው ሲሆን፣ ሊንኩን ወይም ድምፁን ራሱን ይዞ ይመጣል። ጽሑፉ ተነብቦ ለማለቅ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈልግም፤ አንባቢውን የሚጠይቀው ግን የአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። የአዘጋጆቹ ችግር ሁሉ የሚመነጨው በእነዚህ ሁለት መጠኖች መካከል ካለው ርቀት ነው።

በፖድካስት ታሪክ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ለሰው የተጻፈ አልነበረም። ዴቭ ዋይነር አርኤስኤስ በተባለው የዜና ማሰራጫ ቅርጸት ላይ የድምፅ ፋይል ማያያዣ የጨመረው በ2000 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መባቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፕሮግራም አዲስ ክፍል ማውጣቱን የሚያውጀው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ጥቂት መስመሮች በመጨመር ሆነ። የአድማጩ መተግበሪያ ያንን ፋይል በየጊዜው እየጎበኘ አዲስ ነገር ሲያገኝ ድምፁን ያወርዳል። ቤን ሀመርስሊ በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ለዚህ አዲስ ልማድ ስም ሲፈልግ «ፖድካስቲንግ» የሚለውን ቃል ከሌሎች ሁለት አማራጮች ጋር አቀረበ። በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. አፕል ፖድካስትን በአይቲውንስ ውስጥ ሲያስገባ ደግሞ ነገሩ ከባለሙያዎች ክበብ ወጥቶ ለብዙኃኑ ደረሰ።

ያ የማሽን ለማሽን ማስታወቂያ ዛሬም ከሁሉም በታች ይሠራል። አንድ ክፍል በአርኤስኤስ ፋይሉ ውስጥ በግርድፉ ይህን ይመስላል።

```xml
<item>
  <title>የአሰቡ ቁልፍ</title>
  <enclosure url="https://example.com/37.mp3"
    length="24960000" type="audio/mpeg"/>
  <guid isPermaLink="false">episode-37</guid>
  <pubDate>Tue, 14 Oct 2025 20:00:00 +0300</pubDate>
</item>
```

ከእነዚህ መስመሮች ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው `guid` የተባለው የክፍሉ መለያ ነው። አዘጋጁ ርዕሱን ቢያርም ወይም ድምፁን አስተካክሎ ቢተካ መለያው እንደነበረ መቆየት አለበት። ከተቀየረ የአድማጩ መተግበሪያ ያንኑ ክፍል እንደ አዲስ ይቆጥረዋል፤ አድማጩም ትናንት የሰማው ክፍል ዛሬ «አዲስ» ተብሎ ይመጣበታል። ይህ ሲደጋገም ሰው ማሳወቂያውን ማመን ያቆማል።

አማርኛ ተናጋሪው አድማጭ ዘንድ ግን ሌላ የማስታወቂያ ወግ አስቀድሞ ነበር፤ እሱም የሬዲዮ ነው። በሬዲዮ የረጅም ጭውውት ፕሮግራሞች ሳምንት ስለሚቀርበው እንግዳ በዚያው በእንግዳው ድምፅ ጥቂት አሰምተው «ሳምንት ይጠብቁን» ማለት የኖረ ልማድ ነው። የሬዲዮ አድማጭ ሰዓቱን ጠብቆ ሬዲዮውን መክፈት ነበረበት። የፖድካስት አድማጭ ደግሞ በፈለገው ሰዓት ስለሚሰማ ጨርሶ ላይሰማም ይችላል፤ «በኋላ እሰማዋለሁ» የተባለ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬው ማስታወቂያ መርሐ ግብር ከመንገር አልፎ፣ ሰውዬው ስልኩን በያዘበት በዚያው ቅጽበት እንዲጫነው የሚያደርግ ምክንያት መስጠት ይጠበቅበታል። ያንን ምክንያት የሚሸከመው ቅንጫቢው ነው።

ቅንጫቢ እንዴት እንደሚመረጥ በአንድ የታሰበ ምሳሌ መከታተል ይቻላል። ክፍሉ 52 ደቂቃ ርዝመት አለው እንበል። እንግዳው በአሰብ መንገድ ለብዙ ዓመታት ተሳቢ የነዱ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኮምቦልቻና በሚሌ በኩል አሰብ የሚደርሰው መንገድ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስኪፈነዳ ድረስ የአገሪቱ ዋና የወደብ መስመር ነበር፤ ስለዚህ ጭውውቱ የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ብቻ አይሆንም። አዘጋጁ ቀረጻውን ሲያዳምጥ ለማስታወቂያ የሚሆኑ ሦስት ንግግሮች ምልክት አድርጎባቸዋል።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የአሰብ መንገድ በጣም ከባድ ነበር፤ ሙቀቱ አይቻልም።» ንግግሩ እውነት ነው፤ ግን በዚያ መንገድ ያለፈ ማንኛውም ሰው ሊለው ይችላል። አንባቢው የሚያውቀውን ስለነገረው «እውነት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንግዳው ሲናገሩት ድምፃቸው ስሜት ያዘለ ስለነበር አዘጋጁ ወዶት ይሆናል፤ ስሜቱ ግን በጽሑፍ አይታይም። ጆሮ የወደደውን ሁሉ ዓይን አይወደውም፤ አዘጋጆች ደጋግመው የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ረዘም ይላል፦ «የመጨረሻውን ጭነት ሐሙስ ቀን አወረድኩ። በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ። መኪናዬ እዚያው ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን አላየሁትም።» ይህ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ነው፤ ቀን አለው፣ ነገር አለው፣ ሐዘንም አለው። ጉድለቱ ታሪኩን ከነመጨረሻው መናገሩ ነው። አንባቢው ሰውዬው ምን እንደደረሰባቸው በሦስት መስመር ካወቀ በኋላ 52 ደቂቃ የሚሰማበት ምክንያት ይሳሳል።

ሦስተኛው ይህ ነው፦ «መኪናዬን አሰብ ጋራዥ አስገብቼ ቁልፉን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ቁልፉ ዛሬም ቤቴ አለ።» ይህኛው ከሁለተኛው ያነሰ ይነግራል። አንባቢው ግን መኪናዋ ለምን እንደቀረች፣ ሰውዬው ቁልፉን ለምን እንዳስቀመጡት፣ ተመልሰው ይሄዳሉ ብለው አስበው እንደነበር መጠየቅ ይጀምራል። ቁልፍ በእጅ የሚያዝ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ንግግሩን ለመረዳት የጠያቂው ጥያቄ አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያስነሣው ጥያቄ በክፍሉ ውስጥ መልስ አለው። ይህ የመጨረሻው መመዘኛ ችላ ይባላል እንጂ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እንግዳው ስለ ቁልፉ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግረው ወደ ሌላ ወሬ አልፈው ቢሆን ኖሮ ቅንጫቢው መመረጥ አልነበረበትም፤ ያን ፍለጋ 52 ደቂቃ የሰማ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳልና።

ከተመረጠ በኋላ ንግግሩ ለጽሑፍ ይዘጋጃል። ሰው ሲያወራ «እ…»፣ «ማለት ነው»፣ «ምናምን» ይላል፣ የጀመረውን ትቶ እንደገና ይጀምራል። እነዚህን ማውጣት የተፈቀደ ነው፤ ሐሳቡን አይነኩምና። ከመካከል ቃላት ከተዘለሉ በነጠብጣብ ማመልከት ያስፈልጋል። በ12ኛው ደቂቃ የተባለን ከ40ኛው ጋር አገናኝቶ አንድ ንግግር ማስመሰል ግን ከእርማት ያለፈ ነገር ነው። እንግዳው የተናገሩበትን ዘዬ ወደ መጽሐፍ አማርኛ መለወጥም እንዲሁ ይጎዳል፤ የወሎው ሰው በጽሑፉ ላይ ወሎዬ ካልሆነ፣ ድምፁን የከፈተው አድማጭ ሌላ ሰው የመጣበት ያህል ይሆንበታል።

አማርኛ በዚህ ሥራ ላይ የራሱ አደጋ አለው። ግሱ፣ አሉታውም ጭምር፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ንግግሩ ከወደ ጫፉ ሲቆረጥ ትርጉሙ ሊገለበጥ ይችላል። በምሳሌው ክፍል አዛውንቱ «ልጆቼ ሹፌር እንዲሆኑ እፈልግ ነበር ብል ውሸት ነው» ብለዋል እንበል። የስልክ ማሳወቂያ የሚያሳየው የጽሑፉን መጀመሪያ ብቻ ነውና «ልጆቼ ሹፌር እንዲሆኑ እፈልግ ነበር…» ላይ ሊቆም ይችላል። ሰውዬው ያሉት ይህን አይደለም፤ ተቃራኒውን ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የአዘጋጁ ላይሆን ይችላል፤ መተግበሪያው ነው የቆረጠው። መከላከያው ግን በአዘጋጁ እጅ ነው፤ አሉታ ወይም ሁኔታ መጨረሻው ላይ የሚመጣበትን ንግግር ለማስታወቂያ አለመምረጥ፣ ወይም አጭር አድርጎ የመጀመሪያው መስመር ውስጥ ማስጨረስ።

ሆን ተብሎ የሚደረገው ቆረጣ ሌላ ጉዳይ ነው። በዩቲዩብ ላይ በሚለቀቁ የአማርኛ ጭውውቶች ዘንድ የእንግዳን ንግግር አጋምሶ ቀይ ቀስት ካለበት ምስል ጋር መለጠፍ፣ ሰው እንዳለቀሰ ወይም አንድ ትልቅ ሰው እንደተሰደበ ማስመሰል የተለመደ ሆኗል። ዘዴው የሚሠራው አንዴ ነው። የዩቲዩብ ስታቲስቲክስ ገጽ ተመልካቹ በስንተኛው ደቂቃ እንደወጣ በመስመር ያሳያል። በተጋነነ ቅንጫቢ የመጣ ሰው የተባለውን ነገር ፍለጋ ወደፊት እየዘለለ ይሄዳል፤ መስመሩም በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ቁልቁል ወርዶ የተጋነነው ንግግር ባለበት ደቂቃ ላይ ብቻ ጉብታ ያወጣል። አዘጋጁ ይህን ቅርጽ ካየ ማስታወቂያው ሰው እንዳመጣለት፣ ክፍሉ ግን ሰውን እንዳልያዘለት ያውቃል። ከእንግዳው ጋር ያለው ግንኙነትም ይበላሻል። የሚበጀው ልማድ ቅንጫቢውን ከመለጠፉ በፊት ለእንግዳው ማሰማት ነው፤ በተለይ ቤተሰብን፣ ገንዘብን ወይም ሃይማኖትን ሲነካ። ጋዜጠኞች ይህን እንደ ሳንሱር ሊያዩት ይችላሉ። ሙሉው ጭውውት ግን ለእንግዳው ፈቃድ አልቀረበም፤ የቀረበው ከአውዱ ወጥቶ ብቻውን የሚዞረው ሁለት መስመር ነው።

ቅንጫቢው በጽሑፍ ብቻ አይቀርም። በ2016 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ የሕዝብ ሬዲዮ ደብሊውኤንዋይሲ ድምፅን በሚንቀሳቀስ የሞገድ ሥዕልና በጽሑፍ አጅቦ ወደ አጭር ቪዲዮ የሚለውጥ መሣሪያ ሠርቶ ኮዱን በነፃ ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት ቅንጫቢ በየማኅበራዊ ሚዲያው ተለምዷል። ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች ምስልን ለማሳየት የተሠሩ ስለሆኑ ድምፅ ብቻውን ሲለጠፍ ቦታ አያገኝም። ብዙ ሰው ደግሞ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቶ ስለሚያይ ጽሑፉ የግድ መኖር አለበት። የግዕዝ ፊደል የሌለበት የቪዲዮ ማዘጋጃ በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል፤ ስለዚህ ቅንጫቢው ከመለጠፉ በፊት በአንድ ርካሽ ስልክ ላይ ማየት ብዙ እፍረት ያድናል። ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። የቁልፉ ንግግር ሲነገር አሥር ሰከንድ እንኳን አይሞላም፤ ከእሱ በኋላ ጠያቂው ዝም ያለበትን ሁለት ሰከንድ መተው ከየትኛውም ሙዚቃ የበለጠ ይሠራል።

ለማስታወቂያ የተመረጠው ንግግር በክፍሉ ውስጥ የት እንዳለም መታሰብ አለበት። የቁልፉ ወሬ በ34ኛው ደቂቃ ላይ ከሆነ በማስታወቂያው የመጣው አድማጭ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጠብቃል። ብዙ አዘጋጆች ያንኑ ንግግር ከመግቢያ ሙዚቃው በፊት በክፍሉ መጀመሪያ ላይ ደግመው ያሰሙታል። አድማጩ የመጣበትን ነገር ወዲያው ስለሚሰማ ትክክለኛው ቦታ እንደደረሰ ያውቃል፤ ዝርዝሩን ደግሞ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ይሆናል። መግቢያው በሦስት ደቂቃ የስፖንሰር ምስጋና ከተሞላ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

ርዕሱና መግለጫው ከቅንጫቢው ያነሰ ጥበብ ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁት ልክ ማወቅን ነው። የዩቲዩብ ርዕስ ከ100 ፊደል አያልፍም፤ በስልክ ላይ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰው ነው የሚታየው። «ክፍል 37 | ልዩ ቆይታ ከ…» ብሎ መጀመር የሚታየውን ቦታ ቁምነገር በሌለው ቃል ይጨርሰዋል። አፕልም የክፍል ቁጥር ርዕስ ውስጥ እንዳይገባ ይመክራል፤ ለቁጥሩ በአርኤስኤስ ውስጥ የተለየ ቦታ አለና። የግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ሌላም ነገር ልብ ማለት አለበት። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ገደቡ በባይት በሚቆጠርበት ቦታ 4,000 ባይት ማለት ለአማርኛ 1,300 ፊደል ገደማ ነው። ኤክስ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ 280 የተባለው የነፃ ተጠቃሚ ገደብ ለአማርኛ 140 ሆኖ ይገኛል። ቴሌግራም ለጋስ ነው፤ ከድምፅ ወይም ከምስል ጋር የሚያያዝ ጽሑፍ እስከ 1,024 ፊደል ይፈቅዳል። አንዱን ማስታወቂያ ሳይቀይሩ ሁሉም ቦታ መለጠፍ አንዱ ቦታ ላይ መሃሉ ተቆርጦ እንዲቀር ያደርጋል።

ጥሪው በተለምዶ የሚበላሸው ብዙ በመሆኑ ነው። «ያድምጡ፣ ሰብስክራይብ ያድርጉ፣ ላይክ ያድርጉ፣ ሼር ያድርጉ፣ ኮሜንት ላይ ይጻፉልን፣ የቴሌግራም ቻናላችንን ይቀላቀሉ» የሚል ጥሪ ስድስት ሥራ ያዛል፤ ሰው ደግሞ ስድስት ሥራ ሲታዘዝ አንዱንም አይሠራም። ክፍሉ መውጣቱን በሚነግረው ማስታወቂያ ላይ የሚፈለገው አንድ ነገር ማድመጥ ብቻ ነው። ሼር እንዲያደርግ የሚጠየቀው ሰምቶ የጨረሰ ሰው ነው፤ ይህ ጥሪ ቦታው በክፍሉ መጨረሻ ላይ፣ በአዘጋጁ ድምፅ ነው። ሊንኩም አንድ ቢሆን፣ ሁለት ካስፈለገ አንዱ ለድምፅ ሌላው ለቪዲዮ መሆኑ በግልጽ ቢጻፍ ይበቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አድማጭ በጥሪው ውስጥ ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ነገር የፋይሉ መጠን ነው። 52 ደቂቃ ንግግር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲቀመጥ 25 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በ128 ኪሎቢት ደግሞ እጥፉን። ለንግግር ድምፅ የመጀመሪያው በአንድ ቻናል ከተቀረጸ በደንብ ይበቃል። ያው ጭውውት በቪዲዮ ሲታይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በጥቅል ዳታ የሚጠቀም ሰው «52 ደቂቃ፣ 25 ሜጋባይት» የሚል ሲያነብ አሁን ልስማው ወይስ ዋይፋይ ያለበት ልድረስ የሚለውን በአንድ አፍታ ይወስናል። ከአዘጋጆች ጥቂቶች ብቻ ይህን መጻፋቸው ያስገርማል።

ድምፁን ራሱን ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ሌላው መንገድ ነው። አድማጩ ከመተግበሪያው ሳይወጣ ይሰማል፣ አውርዶም ለጎረቤቱ ይልካል። ዋጋውን የሚከፍለው አዘጋጁ ነው፤ ቴሌግራም የሚያሳየው ልጥፉን ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ስንት ሰው ምን ያህል እንደሰማ አይደለም። ስፖንሰር የሚፈልግ ፕሮግራም ቁጥር ማቅረብ ስላለበት ወደ ሊንኩ ያደላል፤ መሰማትን ብቻ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ፋይሉ። ሁለቱንም በአንድ ቀን መለጠፍ አድማጩን ለሁለት ስለሚከፍል አንዳንዶች ሊንኩን በመጀመሪያው ቀን፣ ፋይሉን ከቀናት በኋላ ይለቃሉ። ይህ የተሻለው መካከለኛ መንገድ ይመስላል።

ቀንና ሰዓት አማርኛ አድማጭ ዘንድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ማክሰኞ 2 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ አዲስ አበባ ላለው ሰው ጠዋት ይሁን ማታ አይነግረውም፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅም። በአርኤስኤስ ምሳሌው የተጻፈው ቀን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ 2 ሰዓት ነው። ያ ሰዓት በዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በፍራንክፈርት ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዱባይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በሪያድና በቴል አቪቭ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እስራኤል፣ አውሮፓና አሜሪካ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ የዋሽንግተኑ ወደ 6 ሰዓት፣ የፍራንክፈርቱ ወደ 12 ሰዓት፣ የቴል አቪቩም ወደ 1 ሰዓት ይወርዳሉ። ኢትዮጵያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዓት አይቀይሩም። ክፍሉ አስቀድሞ ከተቀመጠና ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ብቻ ከተለጠፈ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀራል፤ «ወጥቷል» የሚለው ቃል በየትኛውም የዓለም ሰዓት ትክክል ነው። የቀጥታ ሥርጭት ካልሆነ በስተቀር ለፖድካስት ሰዓት መጥራት የሬዲዮ ትዝታ እንጂ አስፈላጊ ነገር አይደለም።

«ወጥቷል» ለማለት ግን መውጣቱን ማረጋገጥ ይቀድማል። አርኤስኤስ ፋይሉ ከተቀየረ በኋላ የየመተግበሪያው መደብር ለውጡን እስኪያየው ጊዜ ይወስዳል፤ በደቂቃዎች የሚያልቅበት አለ፣ ሰዓታት የሚፈጅበትም አለ። በዚያ መካከል የተለጠፈ ሊንክ ወዳለፈው ክፍል ወይም ወደ ባዶ ገጽ ይወስዳል። ጠንቃቃ አዘጋጅ ፋይሉን ከሰዓታት በፊት ይጭናል፣ ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ፣ በራሱ መለያ ሳይገባ፣ ሊንኩን ነክቶ ድምፁ ሲጀምር ከሰማ በኋላ ይለጥፋል።

ይህ ሁሉ ሲሰበሰብ የምሳሌው ማስታወቂያ በቴሌግራም ላይ ይህን ይመስላል፦

«“መኪናዬን አሰብ ጋራዥ አስገብቼ ቁልፉን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ቁልፉ ዛሬም ቤቴ አለ።”

በአሰብ መንገድ ለብዙ ዓመታት ተሳቢ የነዱት ጋሽ… ወደቡ ስለነበረበት ዘመን፣ በሚሌ ስላሳለፏቸው ሌሊቶችና ስለዚያች መኪና ይናገራሉ።

አዲሱ ክፍል ወጥቷል። 52 ደቂቃ፣ 25 ሜጋባይት። እዚህ ያድምጡ፦»

ሊንኩ ይከተላል። ንግግሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሆነው ማሳወቂያ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው። የእንግዳው ስም ሁለተኛ የመጣው ሰውዬው ዝነኛ ባለመሆናቸው ነው፤ ዝነኛ ቢሆኑ ኖሮ ስሙ መቅደም ነበረበት፤ አድማጩ የሚመጣው ለስሙ ነውና። «ጋሽ» የተባለው በጭውውቱ ውስጥ ጠያቂው እንዲያ ስለጠራቸው ነው፤ ድምፁ ውስጥ «ጋሽ» የተባሉ ሰው ጽሑፉ ላይ «አቶ» ቢሆኑ ክፍሉን የማያውቅ ሰው የጻፈው ያስመስላል። «እጅግ አስገራሚ»፣ «እንዳያመልጥዎ» የሚሉት ቃላት የሉም፤ ቁልፉ በቂ ነው።

ከጽሑፍ ማስታወቂያ የሚበልጠው ማስታወቂያ በጆሮ የሚደርሰው ነው። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. «ሲሪያል» የተባለው የአሜሪካ ፖድካስት ሲጀመር የመጀመሪያው ክፍል «ዚስ አሜሪካን ላይፍ» በተባለው በአገሪቱ ሰፊ አድማጭ ባለው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ሙሉ በሙሉ ተላልፏል። አድማጩ ቀድሞውንም የሚያዳምጥ ሰው ነበር፤ ከስልክ ጽሑፍ ወደ ድምፅ እንዲሻገር አልተጠየቀም። ለአማርኛ አዘጋጆችም ትምህርቱ ቅርብ ነው። የሁለት ፕሮግራም አዘጋጆች ቅንጫቢ ተለዋውጠው አንዱ በሌላው ክፍል መጨረሻ ላይ ቢያሰሙ፣ ወይም በአካባቢ ሬዲዮ ላይ ግማሽ ደቂቃ ቢያገኙ፣ በፌስቡክ ከሚለጠፍ ብዙ ምስል ይልቅ የበለጠ ሰሚ ያገኛሉ።

ማስታወቂያው ሠርቶ እንደሆነ ሲመዘን ቁጥሮቹን ለይቶ ማየት ይገባል። በኢንዱስትሪው የመለኪያ መመሪያ መሠረት አንድ ማውረድ የሚቆጠረው ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ሲወርድ ነው፤ ያው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ቢያወርደው እንደ አንድ ይያዛል። ይህ ቁጥር መውረዱን እንጂ መሰማቱን አይናገርም፤ የሰብስክራይበሩ ስልክ ማስታወቂያውን ሳያይ በራሱ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ የማስታወቂያው ውጤት የሚታየው ከወትሮው በላይ በመጡት ላይና በሊንኩ በኩል በገቡት ላይ ነው። አፕልና ስፖቲፋይ ለአዘጋጁ በሚሰጡት ገጽ ላይ አድማጩ እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደቆየ ስለሚታይ፣ ሊመረመር የሚገባው ከመጀመሪያው አምስት ደቂቃ በኋላ የቆየው ሰው ቁጥርና ከቅንጫቢው ንግግር በኋላ የቆየው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው መጥቶ ወዲያው ከሄደ ጥፋቱ የማስታወቂያው ወይም የመግቢያው ነው። ጥቂት ሰው መጥቶ እስከ መጨረሻው ከቆየ ክፍሉ ጥሩ ነው፤ ቅንጫቢው ግን በደንብ አልተመረጠም። ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ይታረማል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ያንኑ ክፍል በሌላ ቅንጫቢ እንደገና ማስተዋወቅ ይቻላል፤ የፖድካስት ክፍል እንደ ሬዲዮ ሥርጭት አልፎ አይጠፋምና።